የጫጩት ቤት ግድግዳ፦ ፎሙ ከውጭ ይሁን ከውስጥ?

ባሕር ዳር ላይ ስለ ማሞቂያ ማውራት ሰው ያስቃል። እዚህ የሚገዛው ቬንትሌተር ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ላመጣ ሰው ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፤ 32 ዲግሪ አካባቢ ትፈልጋለች። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሊነጋጋ ሲል የጣና ዳር አየር ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት 25 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ቀላል ብርድ አይደለም።

ዘንዘልማ በኩል 500 ጫጩት ልታስገባ የተዘጋጀች አንዲት ባለቤት የጠየቀችኝ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነኝ። «ኢንጅነር፣ ፎም ልለጥፍ ነው። ከውስጥ ይሻላል ወይስ ከውጭ? ግንበኛው ከውስጥ ይቀላል ይለኛል» አለችኝ። ግንበኛው እውነቱን ነው፤ ሥራው ከውስጥ ይቀላል። ጥያቄው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሞቂያው ስንት ዋት ይፈልጋል የሚለው ነው። ማሞቂያ የሚመረጠው ለዓመቱ አማካይ አይደለም። ለክፉው ሌሊት ነው።

ክፍሉና ሂሳቡ

ክፍሉ 6 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.5። ሦስት ግድግዳዎች ወደ ውጭ ያያሉ። አራተኛው ከመኖ መጋዘኑ ጋር የጋራ ነው፤ በሩም በዚያ በኩል ነው። የውጭ ግድግዳው 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ 2 ካሬ መስኮት ነው። ከቀረው 38 ካሬ ውስጥ 32ቱ ብሎኬት፣ 6ቱ ደግሞ የኮንክሪት ኮለንና የላይኛው ቢም ነው። ይቺን 6 ካሬ አትርሷት፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

የግድግዳ ዩ-ቫልዩ ማለት የውስጡና የውጩ ልዩነት 1 ዲግሪ ሲሆን በ1 ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚያመልጠው ዋት ነው። ሲያንስ ጥሩ፣ ሲበዛ መጥፎ። የሚሰላው እያንዳንዱ ንብርብር ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ደምሮ፣ አንድን ለድምሩ በማካፈል ነው፦

```
U = 1 / (0.13 + d1/λ1 + d2/λ2 + ... + 0.04)
Q = U × A × ΔT
```

0.13 እና 0.04 ከግድግዳው ገጽ በውስጥና በውጭ የሚጣበቀው ቀጭን አየር የሚሰጠው መቋቋም ነው። d ውፍረቱ በሜትር ነው። λ የቁሱ ሙቀት አስተላላፊነት ነው። Q የሚያመልጠው ዋት፣ A የግድግዳው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ΔT ደግሞ የውስጡና የውጩ ልዩነት በዲግሪ ነው።

ብሎኬት ባዶ ክፍተት ስላለው በλ አይሰላም፤ ለባለ 20 ሴንቲው በጥቅሉ 0.20 መቋቋም ይወሰዳል። በሁለቱም በኩል ያለው የሲሚንቶ ልስን እያንዳንዱ 0.02 ይጨምራል። ድምሩ 0.41፣ ዩ-ቫልዩው 2.44። ኮለኑ ጋ ስንመጣ ብሎኬቱን አውጥተን 20 ሴንቲ ብረት ያለው ኮንክሪት እናስገባለን። የኮንክሪቱ λ 2.3 ነው፣ መቋቋሙም 0.087 ብቻ። ዩ-ቫልዩው 3.37 ይወጣል።

ባዶውን ግድግዳ እናወዳድር

ብዙ ሰው ጭቃ ቤትን ይንቃል። በዚህ ሂሳብ ግን ጭቃ ከብሎኬት ይበልጣል። ጭድ የገባበት 20 ሴንቲ የጭቃ ግድግዳ λው 0.6 ገደማ ነው፤ ዩ-ቫልዩው 2.0 አካባቢ ይወጣል። የኮንክሪት ኮለንም የለውም። በአጽሙ ያለው እንጨት ራሱ ከጭቃው የተሻለ ይቋቋማል።

ጥቁር ድንጋይስ? 40 ሴንቲ ውፍረት ያለው የባዛልት ግድግዳ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። የባዛልት λ ግን 1.7 ነው። ከውስጥ ተለስኖ ሲሰላ ዩ-ቫልዩው 2.35 ነው። እጥፍ ውፍረት ኖሮት ከ20 ሴንቲ ብሎኬት የሚለየው በጥቂቱ ነው። ድንጋዩ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

በዘንዘልማው ክፍል፣ ብሎኬቱ 32 ካሬ በ2.44፣ ኮንክሪቱ 6 ካሬ በ3.37 ሲሰላ በድምሩ በዲግሪ 98 ዋት ያመልጣል። በ25 ዲግሪ ልዩነት 2.46 ኪሎዋት። ኮንክሪቱን ረስተን ሁሉንም እንደ ብሎኬት ብንቆጥረው ኖሮ 2.32 ይወጣ ነበር። ልዩነቱ 6 በመቶ ብቻ ነው። «የሙቀት ድልድይ» የሚባለው፣ ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ይልቅ ሙቀት በቀላሉ የሚያመልጥበት ቁራጭ፣ እዚህ ላይ የተጋነነ ወሬ ይመስላል። ግድግዳው ራሱ ወንፊት በሆነበት ቤት፣ ኮለኑ ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ፎም ሲለጠፍ

አሁን 5 ሴንቲ ነጭ ፎም እንጨምር። λው 0.038 ነው። ብቻውን 1.32 መቋቋም ይሰጣል፤ ከብሎኬቱ፣ ከልስኑና ከገጹ አየር ድምር ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ብሎኬቱ ላይ ሲለጠፍ ዩ-ቫልዩው ከ2.44 ወደ 0.58 ይወርዳል። ኮለኑ ላይ ሲለጠፍ ከ3.37 ወደ 0.62። ልብ በሉ፦ ከፎሙ በታች ሁለቱ ሊመሳሰሉ ምንም አልቀራቸውም። ፎሙ ከውጭ ብሎኬቱንም ኮለኑንም ቢሙንም ሳይቋረጥ ከሸፈነ፣ ግድግዳው በሙሉ የሚያስወጣው 0.56 ኪሎዋት ነው። ከ2.46 ወደ 0.56።

ችግሩ ያለው «ሳይቋረጥ» የሚለው ላይ ነው። ግንበኛ ፎም ከውጭ ሲለጥፍ ቢሙ ጋ ይቆማል። ምክንያት አለው፤ የጣሪያው እንጨት ቢሙ ላይ ያርፋል፣ ቆርቆሮው ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ፎሙን እዚያ ለማስገባት መቁረጥ ይጠይቃል። «እሷን ይተዉት፣ ሃያ ሴንቲ ናት» ይላል። እናስላት። ቢሙ 16 ሜትር ርዝመት በ0.2 ሜትር፣ 3.2 ካሬ ነው። ተሸፍኖ ቢሆን በዲግሪ 2 ዋት ያሳልፍ ነበር። ባዶውን ሲቀር 10.8 ዋት ያሳልፋል። የግድግዳው ሁሉ ድምር ከ22.3 ወደ 31.1 ዘለለ። 40 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ ከግድግዳው ስፋት 8 በመቶ ገደማ በሆነች ቁራጭ!

ኮለኖቹም ባዶ ከቀሩ፣ ማለትም ፎሙ በኮለኖቹ መካከል ብሎኬቱ ላይ ብቻ ከተለጠፈ፣ ድምሩ 38.8 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 0.58 የተባለው ግድግዳ በእውነት 1.02 ሆነ። ይህም ቢሆን ሂሳቡን አሳንሶ ማየት ነው፤ ሙቀቱ ከፎሙ ጀርባ ካለው ብሎኬት በጎን እየተሳበ በኮለኑ ይወጣልና። የአንድ ባልዲ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ሳትደፈን የቀረችው ቀዳዳ ዋና መፍሰሻ እንደምትሆነው ነው። ያው ኮንክሪት በባዶ ግድግዳ የያዘው ከኪሳራው 21 በመቶ ገደማ ነበር። ፎም ከተለጠፈ በኋላ ግማሹን ኪሳራ ይዞ ተቀመጠ።

ከውስጥ ሲሆን ድልድዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፎሙ የሚያዘው በየ60 ሴንቲው በቆመ ሞራሌ መካከል ነው፤ ከላይና ከታችም አግድም ሞራሌ አለ። እንጨቱ ከግድግዳው ስፋት 12 በመቶ ገደማ ይይዛል። የባሕር ዛፍ λ 0.18 ብንል፣ ሞራሌ ባለበት ዩ-ቫልዩው 1.45 ነው። ከፎሙ ጋር ተመጣጥኖ ሲሰላ አማካዩ 0.68 ይሆናል። ይህ መጥፎ አይደለም። በሞራሌ ፈንታ የብረት ፕሮፋይል ከተጠቀማችሁ ግን የፎሙ ግማሽ አቅም ይጠፋል ብላችሁ አስቡ፤ ዩ-ቫልዩው 0.93 አካባቢ ይሆናል። ቆርቆሮው ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት። ብረት ሙቀት የሚያሳልፈው ከፎሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ከውስጥ ሲለጠፍ የጋራው ግድግዳ ደግሞ አለ። የመጋዘኑ ብሎኬት ከውጭው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ፎሙ ይቋረጣል፤ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል እያሳበረ ያልፋል። እንዲህ ያለ መስመር በካሬ ሳይሆን በሜትር ርዝመት ይሰላል። ለዚህ ዓይነት መገናኛ በሜትር 0.5 ዋት በዲግሪ እወስዳለሁ። ሁለት ጥግ፣ እያንዳንዱ 2.5 ሜትር፣ በድምሩ 2.5 ዋት በዲግሪ። ከውጭ ለተለጠፈ ፎም ይህ መስመር የለም።

ወደ ማሞቂያው ስንመጣ

ግድግዳው ብቻውን ክፍሉን አያቀዘቅዝም። የቀረውን በአጭሩ፦ የመስኮቱ ባለ አንድ መስታወት 0.28 ኪሎዋት፣ የወለሉ ዳር 0.5፣ የመጋዘኑ ግድግዳ 0.3። አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ሲቀየር 0.4 ይወስዳል። እዚህ ላይ ከፍታችን ይረዳናል። በ1800 ሜትር አየሩ ቀጭን ስለሆነ ለማሞቅ የሚፈልገው ሙቀት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያንሳል።

ኮርኒሱን ለብቻው ልናገር። ቆርቆሮና ችፑድ ብቻ ከሆነ በጣሪያ የሚያመልጠው ወደ 2.3 ኪሎዋት ነው፤ ከባዶው ግድግዳ ብዙም አያንስም። 10 ሴንቲ ፎም ከላይ ሲነጠፍ ወደ 0.2 ይወርዳል። ግድግዳ ላይ ፎም ለጥፎ ኮርኒሱን የተወ ሰው ገንዘቡን ጥሏል። አቅማችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ በሁለት እጃችሁ ኮርኒሱን ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ኮርኒሱ ተሠርቷል ብሎ ነው። እንግዲህ ከግድግዳ ውጭ ያለው ድምር 1.68 ኪሎዋት ሆነ።

| ምርጫው | ግድግዳው (ኪሎዋት) | ክፍሉ በሙሉ (ኪሎዋት) |
|---|---|---|
| ባዶ ብሎኬት | 2.46 | 4.1 |
| ባዶ ጭቃ | 1.9 | 3.6 |
| ፎም ከውጭ፣ ኮለንና ቢም ባዶ | 0.97 | 2.65 |
| ፎም ከውስጥ በብረት ፕሮፋይል | 0.95 | 2.6 |
| ፎም ከውጭ፣ ቢም ብቻ ባዶ | 0.78 | 2.5 |
| ፎም ከውስጥ በሞራሌ | 0.71 | 2.4 |
| ፎም ከውጭ፣ ሁሉም የተሸፈነ | 0.56 | 2.2 |

«2.2 እና 2.65 ምን ለውጥ አለው?» ብላ የዘንዘልማዋ ባለቤት ጠየቀችኝ። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ብዙም የለውም። 16 አምፔር ያለው አንድ መስመር እስከ 3.5 ኪሎዋት ይሸከማል። ፎም ያላቸው በሙሉ በእሱ ይሠራሉ። ባዶው ብሎኬትና ጭቃው ተጨማሪ መስመር ይጠይቃሉ።

መብራት ሲጠፋ ግን ቁርጡ ይለያል። እሷ ያላት 3 ኪሎዋት የሚል የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት ያጣል። እዚህ በ1800 ሜትር 21 በመቶ ይቀነስበታል፤ የሚቀረው 2.4 ኪሎዋት የማይሞላ ነው። ቢሙ የተሸፈነበት ክፍል በዚህ ጄኔሬተር ሌሊቱን ያድራል። ቢሙ ባዶ የቀረበት አያድርም። ከውስጥ በሞራሌ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ መስኮት በደንብ ካልተዘጋ ያልፋል። 20 ሴንቲዋ ቢም የምትወስነው የጄኔሬተሩን መጠን ነው እንግዲህ።

ላቡን እዩ

ድልድይ መኖሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የጫጩት ቤት አየር እርጥብ ነው። 32 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ወደ 23 ዲግሪና ከዚያ በታች የወረደ ነገር ላይ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። በባዶው ግድግዳ የብሎኬቱ የውስጥ ገጽ በክፉው ሌሊት 24 ዲግሪ ነው፤ ለጥቂት ያመልጣል። የኮለኑ ገጽ ግን 21 ነው። ስለዚህ ላቡ በኮለኑ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በቢሙ ላይ አግድም ይታያል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው መስመር ይጠቁራል፣ ይሻግታል። የከተማችንን አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ስታዩ ልስኑ ላይ በኮለን ቅርጽ የወጣ ጥቁር መስመር ካጋጠማችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን የመሠረት እርጥበት ነው፤ አታምታቱት።

ከውስጥ የተለጠፈ ፎም ላይ እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ከፎሙ ጀርባ ያለው የብሎኬት ገጽ በዚያ ሌሊት 11 ዲግሪ አካባቢ ነው። የክፍሉ እርጥብ አየር በሞራሌና በፎሙ መካከል ባለ ስንጥቅ ከገባ፣ እዚያ ውሃ ይሆናል። አይታይም። ሽታው ሲመጣ ሞራሌው በስብሷል፣ ምስጥም ደስ ብሎት ገብቷል። ከውስጥ የምትለጥፉ ከሆነ ስንጥቁን በሙሉ በአረፋ ማሸጊያ ድፈኑ፤ ከፊቱ ሳይቋረጥ ወፍራም ላስቲክ አልብሱ፤ ላዩን በችፑድ ዝጉ።

ከውጭ የተለጠፈው ብሎኬቱን ሞቅ አድርጎ ስለሚይዘው ይህ ጣጣ የለበትም። የራሱ ችግር ግን አለው። ክረምት እዚህ ቀልድ አይደለም፤ ፎሙ ላይ የፋይበር መረብ ሳይለብስ የተለሰነ ልስን ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባዋል። ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ምስጥ ፎሙን ይቆፍረዋል። አይበላውም፤ መንገድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመሬት 15 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ እንዲጀምር አደርጋለሁ። ያቺ የግሬድ ቢም፣ ማለትም ከመሬት አጠገብ ያለው የታችኛው ቢም፣ ዳር ድልድይ ሆና ትቀራለች፤ አውቄ የምከፍላት ዋጋ ናት። ከውጭም ከውስጥም ቢሆን ፎም ያለበት ክፍል ውስጥ ክፍት ከሰል አይገባም። ፎም በእሳት ይቀልጣል፣ ጭሱም ለጫጩት ሞት ነው።

ከውስጥ የምመርጥበት ጊዜ

አለ። ግድግዳው የጎረቤት ድንበር ላይ ከሆነና ከውጭ መድረስ ካልተቻለ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ። ጫጩት የሚገባው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ከሆነም እንዲሁ። ምክንያቱም ከውጭ የተለጠፈ ፎም ብሎኬቱን ከክፍሉ ጋር ያስቀረዋል፤ ማሞቂያው መጀመሪያ ብሎኬቱን ማሞቅ አለበት። ጫጩቱ ከመምጣቱ አንድ ቀን ተኩል ቀድማችሁ ካላበራችሁ ክፍሉ 32 አይደርስም። ከውስጥ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ አብርታችሁ ማታ ዝግጁ ነው። በየስድስት ሳምንቱ ጫጩት ለምታስገባ ሴት ይህ ምንም አይደለም። በዓመት አንዴ ለሚያስገባ ግን የጄኔሬተሩን ቤንዚን ያስቆጥራል።

ድንጋዩ ጋ ልመለስ። ከላይ ያለው ሂሳብ ውጭው ሌሊትና ቀን 7 ዲግሪ ሆኖ እንደቀረ አድርጎ ያሰላል። እዚህ ቀን 26 ይደርሳል። 40 ሴንቲ ባዛልት ቅዝቃዜውን ከውጭ ወደ ውስጥ ለማሳለፍ 11 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የንጋቱ ብርድ ውስጥ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ደክሞ። ስለዚህ በክፉው ሰዓት ድንጋዩ የሚያስወጣው በሂሳብ ከሚወጣው 2.2 ኪሎዋት በእርግጠኝነት ያንሳል፤ ወደ 1.5 ቢጠጋ አይገርመኝም። ግን አንዴ ከሞቀ በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ጫጩት ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ያብራ፤ በሁለት ዙር መካከልም ጨርሶ አያጥፋው።

ለዘንዘልማዋ ባለቤት ከውጭ፣ ሁሉንም ሸፍና እንድትሠራ ነገርኳት። ቢሙ ጋ ያለው ችግር የተፈታው ቆርቆሮው ሳይነካ ነው፤ ፎሙ በጣሪያው እንጨቶች መካከል እየተቆረጠ ገባ፣ ስንጥቁ በአረፋ ተደፈነ። ግንበኛው አጉረመረመ። ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። እናንተም ስታሠሩ ሒሳቡን ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ማሞቂያውን አብሩና፣ አንድ ቀን ተኩል አቆይታችሁ፣ ንጋት ላይ መዳፋችሁን ከመሀል ግድግዳ ወደ ቢሙ፣ ከዚያ ወደ ኮለኑ ውሰዱ። ልዩነቱ መዳፍ ላይ ከተሰማችሁ፣ ፎሙ እዚያ ቦታ ላይ ተቋርጧል።